የታተመው ጭረት

ቦርሳው ትናንት ከሰዓት ሲገባ ካርድ አልነበረውም። እናትየዋ በዚህ እርግጠኛ ናት። መረከቢያው ወረቀት ላይ «ማንጠልጠያ፦ አለ። የጨርቅ ከረጢት፦ አለ። ማረጋገጫ ካርድ፦ የለም» ተብሎ በልጇ ድቡልቡል ጽሕፈት ሲሞላ አጠገቧ ቆማ ነበር። ዛሬ ጠዋት ለምርመራ የውስጥ ኪሱን ስትከፍተው ግን ጥቁር ካርድ እንደ እንግዳ ተደላድሎ ተቀምጧል።

ዞር ብላ በሩን አየች።

ስልክ ሲጠራ ሞት፣ በር ሲንኳኳ ፖሊስ የሚታያት ሴት ናት። ያገለገሉ ቦርሳና ሰዓቶች በሚሸጡበት በዚህ ሱቅ ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቃ ስትመረምር የቆየችውም በዚሁ ጠባይዋ ነው። እሷ ካልፈረመች ዕቃ አይሸጥም። ባለ ሱቁ «ዓቃቤ ሕግ» እያለ ይቀልድባታል። የጓዳው ቁልፍ ያለው በሦስት ሰው እጅ ነው፤ በእሱ፣ በእሷና ከሁለት ሳምንት በፊት ለምና ባስቀጠረቻት ልጇ። ያለፈው እሑድ ልጅቷ ልብስ እያጠፈች «እማ፣ ካርድ ያለው ዕቃ ቶሎ ይሸጣል አይደል?» ብላት ነበር። ያኔ የሥራ ጉጉት መስሏት ደስ ብሏታል። አሁን ቃሉ እንደ እሾህ ወጋት።

መጋረጃውን ሳበችና አጉሊ መነጽሯን አነሳች።

መጀመሪያ በጣቷ ዳሰሰችው። ፋብሪካው በካርዱ ላይ ስሙን በኃይል ተጭኖ ስለሚያትም ዓይን ቢጨፈንም ጣት ያገኘዋል። ይሄኛው እንደ መስታወት ለጥ ያለ ነው። ከቆርቆሮ ሣጥኗ ለማመሳከሪያ የምታስቀምጠውን የፋብሪካውን ካርድ አውጥታ ጎን ለጎን አደረገቻቸው። በፋብሪካው ካርድ ላይ የስሙ ቀለም አንድ ወጥ ነው። በሌላኛው ላይ ግን መነጽሩ ሲያቀርበው ፊደሉ ተበታተነ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣብ ሆነ። ቀለም አልተቀባበትም፤ የቀለም ፎቶ ነው ያለበት።

ቃሉን አነበበች። «የተከበሩ ደንበኛ፣ ይህ ቦርሳ ከኦርጅናል ቆዳ የተሠራ መቶ በመቶ እውነተኛ መሆኑን በደስታ እናረጋግጣለን» ይላል። ፋብሪካ እንዲህ አይምልም። የፋብሪካው ካርድ ቆዳው የየትኛው እንስሳ እንደሆነ፣ በምን እንደሚጸዳና ቁጥሩ ከቦርሳው ጋር መግጠም እንዳለበት ተናግሮ ዝም ይላል። «ኦርጅናል» ሻጭ ነው የሚለው። ብዙ የሚምል ሰው ደግሞ ቀድሞ የተጠራጠረው ራሱን ነው።

ቁጥሩን ቦርሳው ውስጥ ቆዳው ላይ ከታተመው ጋር አስተያየችው። አይገጥምም።

በመጨረሻ ዓይኗ ካርዱ ጥግ ላይ ያለች ፀጉር የምታክል ጭረት ላይ አረፈ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው፤ ጭረቷ አላብረቀረቀችም። ጥፍሯን አሳለፈችባት፤ ምንም አልያዛትም። ጭረቷ የታተመች ናት። አንድ ሰው የተጫረ ካርድ ፎቶ አንስቶ ከነጠባሳው አባዝቶታል።

ከዚያ ቦርሳውን ራሱን መረመረች። ስፌቱ እኩል፣ የዚፑ ጥርስ የተስተካከለ፣ የውስጥ ቁጥሩም ከቅርጹና ከተሠራበት ዘመን ጋር የሚሄድ ነው። ቦርሳው እውነተኛ ነው። ይህ ደግሞ የባሰ ግራ አጋባት። ለእውነተኛ ዕቃ የውሸት ወረቀት የሚያስገባ ማን ነው? ሥራውን ለማሳመር የቸኮለ ጀማሪ ካልሆነ?

ባለ ሱቁ ስልክ ይዞ በረንዳ ላይ ያወራል። ልጅቷ ባንኮኒው ላይ መስታወት ትወለውላለች።

«ቦርሳሽን ወዲህ በይው» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የኔን? ምን ልታደርጊው?»

«ወዲህ በይው አልኩሽ።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት፤ በእናቷ እጅ ያለውን ካርድ አየች። «እማ፣ መጀመሪያ የመረከቢያውን ወረቀት አየሽው?»

«ወረቀቱን ተይው።»

ቦርሳውን ተቀብላ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ማበጠሪያ፣ መሃረብ፣ ግማሽ ዳቦ፣ የቤት ቁልፍ። ሌላ የለም። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር።

«ፈተሽሽኝ። ጥሩ። አሁን ደግሞ የጋሼን ላይኛ መሳቢያ ክፈቺ፤ አልተቆለፈም።»

እናትየዋ ወደ በረንዳው አየት አድርጋ መሳቢያውን ሳበች። በላስቲክ የታሰሩ አርባ የሚሆኑ ጥቁር ካርዶች ነበሩ። ሁለቱን አወጣች። በሁለቱም ላይ ያው ቁጥር፣ ያው ጥግ፣ ያችው ጭረት።

«ትናንት አንቺ ቀድመሽ ስትወጪ ሰጠኝ» አለች ልጅቷ። «‹እናትሽ ስትፈርም ክተቺበት፤ ወረቀቱንም አለ ብለሽ አስተካክዪ› አለኝ። እምቢ ማለት ፈራሁ፤ ካርዱን ገና ሳትፈርሚ ከተትኩ። ወረቀቱን ግን አልነካሁትም። ከአንቺ ዓይን ምን ያመልጣል? እንደምታገኚው አውቃለሁ።»

ወረቀቱ አሁንም በቦርሳው ማንጠልጠያ ላይ ታስሯል። «ማረጋገጫ ካርድ፦ የለም።» ስርዝ ድልዝ የለበትም። እናትየዋ ጠዋት ሙሉ አጉሊ መነጽር ይዛ ነጠብጣብ ስትቆጥር፣ በትልቁ የተጻፈው እንዳልተለወጠ አላየችም።

ባለ ሱቁ ተመለሰ። «ዓቃቤ ሕግ፣ ፈረምሽ? ገዢዋ እየመጣች ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ ካርድ የፋብሪካው አይደለም።»

አልደነገጠም። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። «ቦርሳውስ?»

«ቦርሳውስ የፋብሪካው ነው።»

«እንግዲያው ማንን ጎዳን? ሰው ሁሉ ካርድ፣ ካርድ ይላል። ልቡ ይረፍ ብዬ ነው።»

«ለእውነተኛ ሰው የሐሰት ምስክር ቢያቆሙለት ዳኛው ሰውየውንም አያምነውም። ዛሬ ለደህናው ያስገቡት ነገ ለተበላሸው ይገባል፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ?»

«ተረት አታውሪብኝ። የሚፈርም ሰው አይጠፋም፤ ባንኮኒ ላይ የሚቆምም አይጠፋም» አለና ልጅቷን አየት አደረጋት።

እናትየዋም ልጇን አየች። የሁለቱም እንጀራ እዚህ ነው። በልቧ ሁለቱንም ከሥራ ተባረው፣ የቤት ዕቃቸውን ጋሪ ላይ ጭነው አየቻቸው። የመጣው ይምጣ ለማለት ገና እንደተነፈሰች ገዢዋ ገባች፤ መነጽር ያደረገች፣ ጸጥ ያለች ሴትዮ።

ሴትዮዋ ቦርሳውን አገላብጣ ወደደችው። «ካርዱስ?»

ባለ ሱቁ አፉን ከፈተ። እናትየዋ ቀደመችው።

«ሲመጣም አልነበረውም። ይኸው መረከቢያው።»

ገዢዋ ቅር አላት። «ባለፈው ወር ከዚሁ የወሰድኩት ግን አለው። አምኜ የተመለስኩት በሱ ነው።» ከኪስ ቦርሳዋ ጥቁር ካርድ አወጣች።

እናትየዋ ተቀበለቻት። ማየት እንኳ አላስፈለጋትም፤ ጥፍሯን ጥጉ ላይ አሳለፈች። ምንም አልያዛትም። የፈሩት ይደርሳል፤ ያ ቦርሳ በእሷ ፊርማ የወጣ ነው። ካርዱ የገባው ከፊርማዋ በኋላ ነው፤ ግን ይህን ማን ያምናታል?

ካርዱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። አጠገቡ ከመሳቢያው ያወጣቻቸውን ሁለቱን ደረደረች።

«ጭረቷን ይዩዋት» አለች። «ሦስቱም ላይ እኩል ናት። በጥፍርዎ ይሞክሯት።»

ሴትዮዋ ሞከረች። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከዚያ ቀና ብላ ባለ ሱቁን አየችው። እሱ የመሳቢያውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክር ነበር።

«ያንን ቦርሳ ያምጡልኝ፤ እንደ አዲስ አየዋለሁ» አለች እናትየዋ። «እውነተኛ እንደነበር አስታውሳለሁ። ግን በቃሌ አይመኑ፤ ቆሜ አሳይዎታለሁ።»

«እነግርሻለሁ» አለ ባለ ሱቁ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

ገዢዋ ሁለቱን ካርዶች ለራሷ፣ አንዱን ለእናትየዋ አድርጋ ነገ በጠዋት ያንን ቦርሳ ይዤ እመለሳለሁ ብላ ወጣች። ነገ ማን እንደሚጠብቃት የሚያውቅ የለም። ልጅቷ አዲስ የመረከቢያ ወረቀት ከጥራዙ ቀደደችና የነገውን ቦርሳ ስም ከላይ ጻፈችበት።

እናትየዋ ማበጠሪያውን፣ መሃረቡን፣ ግማሹን ዳቦና ቁልፉን አንድ በአንድ ወደ ልጇ ቦርሳ መለሰች። ዚፑን በገዛ እጇ ዘጋችው፤ ጥርሱ እንዳይነክስ ቀስ ብላ።