የኑርሑሴን ጥላ

በደርጉ ዘመን አንድ የጣና ጉማሬ ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሣ ስቱዲዮአችን ድረስ መጥቶ ነበር ብዬ ብምል የሚያምነኝ የለም። በሩ ጠቦት ተመለሰ እንጂ ምስክር አይጠፋኝም ነበር። የእማማ ሐሊማ ፎቶ ግን ዛሬም ዓባይ ማዶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ያላመነ ሄዶ ይይ።

እማማ ሐሊማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። አንድ ልጃቸው ኑርሑሴን በብሔራዊ ውትድርና ወደ አስመራ ሄዶ፣ ከዚያ የላከው አንድ ባለቀለም ፎቶ ብቻ ነበር። ራሱን ተላጭቶ፣ የወታደር ልብስ ለብሶ፣ ከእግር እስከ ራሱ ይታያል። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ።

«ከእኔ ጋር ጣና ዳር አቁሙልኝ» አሉን። «ግድግዳዬ ላይ አብሮኝ ይሁን።»

የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ መርስዔ ኀዘን እማማን ጠዋት ሐይቁ ዳር አነሣቸው። ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመጣ እኔ ኑርሑሴንን በምላጭ ቆርጬ፣ ጠርዙን ከጀርባው በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አቅጥኜ፣ ከጎናቸው ለጠፍሁት። መልሰን አነሣነውና አሳየናቸው።

እማማ አዩት፣ ፎቶውንም ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት።

«ጥላ የለውም» አሉ። «የእኔ ጥላ አለ፤ የእሱ የለም። ፊቱም የሕያው አይደለም። ልጄ ሞቷል፤ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ደብቃችሁኛል።»

«ኧረ እማማ፣ ማጣበቂያ ነው እንጂ...» ብል ማን ሰምቶኝ! ሱቃቸውን ዘጉ። ልቅሶ ሊቀመጡ ነው ተባለ።

ጋሽ መርስዔ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስዶ አተኩሮ አየው። «እውነታቸውን ነው። የአፍንጫውን ጥላ እይ፤ ወደ ቀኝ ነው የወደቀው። የአስመራው አምፖል ከግራ ነበረ። እማማን ጠዋት ነው ያነሣናቸው፤ ወደ ሐይቁ ስንዞር ፀሐይዋ በቀኛችን ነበረች። ደግሞ እሱን የአምፖል ብርሃን ቅቤ አስመስሎታል፣ እሳቸው ነጭ ብርሃን ላይ ናቸው። እናትና ልጅ በሁለት ፀሐይ!»

«የልጁን ፎቶ መልሰን አንሥተን፣ ኔጋቲቩን ገልብጠን እናትመዋ! ብርሃኑ ወደ ቀኝ ይዞራል።»

«ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳስ? እሱም አብሮ ይዞራል። እናቱ አያውቁትም? ቢጫነቱስ በመገልበጥ ይለቃል? አንተ ጅል!»

«እንግዲያው ፀሐይዋን እንገልብጣት» አልሁት።

ለቀልድ ነበር ያልሁት፤ እሱ ግን ቆቡን አደረገ። ወደ ማታ ፀሐይዋ በግራ ናት፤ ልትጠልቅ ስትል ደግሞ እንደ አምፖል ቢጫ ትሆናለች።

እማማን ለምኖ፣ አንገታቸውን እንደ ደፉ ወደ ዳር አወጣቸው። ጣና እንደዚያን ዕለት አምሮ አላየሁትም፤ ውኃው ወርቅ የቀለጠበት ይመስል ነበር፣ ታንኳዎቹም ከደንገሉ መሐል ቀስ እያሉ ይመለሱ ነበር። አንድ የቀበሌ ጥበቃ መጥቶ «የዓባይን ድልድይ እንዳታነሡ!» ብሎ ጮኸብን። ድልድዩ በጀርባችን ነበር።

«አለበል፣ ና ቁም ከጎናቸው!» አለኝ ጋሽ መርስዔ።

«እኔ ደግሞ ምን ላደርግ?»

«ጥላ ልታበድር። ቁመትህ ከልጁ ይገጥማል። እጅህን ሰብስብ፤ የሱ ምስል አንተን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት።»

ያኔ ከደንገል የቀጠንሁ ነበርሁ። ቆምሁ። የሁለታችን ጥላ ወደ ካሜራው ቀኝ፣ ወደ ኋላችን፣ ሣሩ ላይ እኩል ተጋደመ።

ፊልሙ ሲመለስ ኑርሑሴንን በእኔ ላይ ለጠፍሁት። እኔ ጠፋሁ፤ ጥላዬ ቀረ። የእናትና የልጅ ጉንጭ በአንድ ወገን በራ፣ በአንድ ቢጫ ሞቀ። «አበቃ!» ብዬ ስጨፍር ጋሽ መርስዔ ራሱን ያዘ።

«ጎፈሬህን!»

እውነትም። በዚያ ዘመን ጎፈሬዬ ወፍ ቢገባበት መውጫው የሚጠፋበት ነበር። ከልጁ ራስ ዙሪያ የተረፈውን በውኃው ቀለም ሸፍኜው ነበር፤ የጥላውን ግን ረሳሁት። ራሱን የተላጨ ወታደር፣ ሣሩ ላይ እንደ ዋርካ የተንዠረገገ ራስ ጥሏል። እሱንም በቀለም ልንሸፍነው ስንዘጋጅ እማማ ሐሊማ ከበሩ ገቡ። ፎቶውን ከእጄ ነጠቁኝ።

ልጃቸውን አዩ። ጥላውን አዩ። በጣታቸው ዞሩበት።

«ጠጉሩ...» አሉ።

ጋሽ መርስዔ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ በሩን ማየት ጀመርሁ።

«ጠጉሩ አድጓል! ወታደር ጎፈሬ ያሳድጋል እንዴ? ከውትድርና ወጥቷል ልጄ! ጥላው ቀድሞ ነገረኝ፣ አልሐምዱሊላህ!»

ጋሽ መርስዔ የቀለሙን ብሩሽ ወደ መሳቢያው መለሰ። በማግስቱ ሱቁ ተከፈተ።

ደርግ በወደቀ ዓመት ኑርሑሴን በሱዳን ዞሮ በእግሩ ገባ፤ ጠጉሩ ትከሻው ላይ ደርሶ። ፎቶውን አይቶ «እማ፣ እኔ ይኼን መቼ ተነሣሁ?» ቢላቸው፣ «ዝም በል፣ አንተ ምን ታውቃለህ» አሉት።

ጋሽ መርስዔ ካረፈ ቆየ። ስቱዲዮውም ዛሬ የጫማ መደብር ነው። እኔም ራሴ ላይ አንዲት ጠጉር እንኳ አልቀረችኝም። ያ ጎፈሬና ያች ማታ ሲናፍቁኝ ግን ዓባይ ማዶ ተሻግሬ፣ የኑርሑሴንን ቤት አንኳኩቼ፣ ጥላዬን አይቼው እመለሳለሁ።