ዶክተሩ የጭነት ባቡር የሆኑበት ሰሌዳ

ዙፋን ሰቦቃ የመመረቂያ ጽሑፏን የጊዜ ሰሌዳ ሁለት ጊዜ አቅርባ ሁለቴም ተመልሶባታል። አማካሪዋ ዶክተር ቀናው ሁለተኛውን ወረቀት የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ "ይህን ያወጣው ሰው ጉንፋን ይዞት ያውቃል?" ብለው ጠየቋት። ጉንፋንማ ያኔም ይዟት ነበር።

"ሐሙስ የሚታመን ሰሌዳ ካላመጣሽ ቅጹ ላይ አልፈርምም። ካልፈረምኩ ለከርሞ እንገናኛለን" አሏት። ለከርሞ ማለት ጓደኞቿ ጥቁር ካባ ለብሰው ሲመረቁ እሷ ዳር ቆማ ታጨበጭባለች ማለት ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት፣ አቃቂ ጣቢያ ጀርባ ባለው ቤታቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ታሰምራለች። ከየካቲት ሁለት እስከ ማስረከቢያው ግንቦት ሃያ አራት ድረስ አስራ ስድስት ሳምንት አለ። አስራ ስድስቱንም ጢም አድርጋ ሞልታቸዋለች፤ መርፌ አያስገቡም። ጽሑፉ ባቡር ለአቃቂ ገበያ ምን እንዳመጣ የሚያጠና ስለሆነ ሃያ ሽማግሌዎችን ማነጋገር አለባት። ለሃያዎቹ አራት ቀን መድባለች።

አባቷ አቶ ሰቦቃ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። ሠላሳ ዓመት በባቡር ጣቢያ ሹምነት አገልግለው ጡረታ ቢወጡም፣ ባቡር በጮኸ ቁጥር የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው፣ "አስራ አንድ ደቂቃ ዘገየ" ይሉና ዘመድ እንደሞተበት ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"ሃያ ሽማግሌ በአራት ቀን?" አሉ መነጽራቸውን እያደረጉ። "አባባ ኩምሳን አነጋገርሻቸው?"

ዙፋን አንገቷን ደፋች። ቅዳሜ ሄዳ ነበር። ስለ ባቡር ብትጠይቃቸው ነገሩን ከአያታቸው በሬ ጀመሩት፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ገና የበሬው ቀንድ ላይ ነበሩ።

"ጅራቱን ለፊታችን ቅዳሜ ቀጥረውኛል" አለች።

"እሺ። ሌላው ባቡርስ የታለ?"

"የቱ ሌላ፣ አባዬ?"

"ሐዲዱ አንድ ነዋ፣ ልጄ። አንቺ ምዕራፍ ሁለትን ስትሰጪው፣ ዶክተሩ አንብቦ እስኪመልስ መንገዱ ተይዟል። የሱ ባቡር ወረቀትሽ ላይ የለም። በኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ያወጣ ሰው ሁለት ባቡር ግንባር ለግንባር አላትሞ እስር ቤት ይገባ ነበር።"

"በአምስት ቀን እመልሳለሁ ብለዋል እኮ።"

"ምዕራፍ አንድን ከሰጠሽው ስንት ቀን ሆነው?"

ዙፋን በጣቷ ቆጠረች፤ ጣት አልበቃትም። "ሃያ ሦስት።"

አቶ ሰቦቃ በረጅሙ ተነፈሱ። "ይሄ የመንገደኛ ባቡር አይደለም" አሉና ሣጥናቸውን ከፍተው ካሬ ካሬ የተሰመረበት ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ቀይና ጥቁር እርሳስ አወጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ጣቢያዎቹን ከላይ ወደ ታች ጻፉ፦ ምዕራፍ ሁለት፣ ቃለ መጠይቅ፣ ምዕራፍ ሦስት፣ ምዕራፍ አራት፣ እርማት፣ የጽሕፈት መኪና፣ ጥረዛ። ሳምንቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ደረደሩ። ከዚያ ከመነሻው ይጀምራሉ ብላ ስትጠብቅ፣ እሳቸው እርሳሱን ግንቦት ሃያ አራት ላይ ተከሉና ወደ ኋላ መቁጠር ያዙ። "መድረሻው ነው የማይነቃነቀው" አሉ። የዙፋንን መስመር በቀይ ሰረዝ አደረጉት፤ የዶክተሩን በጥቁር አወፈሩት። በየምዕራፉ ለዶክተሩ አስር አስር ቀን ሰጧቸው። "እሱ ሲያልፍ አንቺ ተለዋጭ ሐዲድ ላይ ገብተሽ ትቆሚያለሽ። ስትቆሚ ግን አትተኚም። ምዕራፍ ሁለት እሱ ዘንድ ሳለ፣ የአባባ ኩምሳን በሬ ትጨርሻለሽ።"

በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ አንድ ክብ አደረጉ፤ ከዶክተሩ ጋር መገናኛ ነው። ሐሙስ ከቀረ ለቀጣዩ ሰኞ ይተላለፋል።

እናቷ ወይዘሮ ብዙወርቅ ምስር እየለቀሙ በባለቤታቸው ትከሻ ላይ አጮልቀው አዩ። "በመኪና የሚጽፍልሽ ማነው?"

"ድንቅነሽ፣ የሳሪሷ።"

"ግንቦት ላይ ትወልዳለች።"

አቶ ሰቦቃ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

"ግንቦት በስንት?" አለች ዙፋን።

"እሱን ልጁን ጠይቂው።"

ስለዚህ ምዕራፍ በታረመ ቁጥር ወዲያው ለድንቅነሽ እንዲሰጥና ግንቦት ላይ የሚቀረው ጥቂት እንዲሆን ተወሰነ። ከአጠገቡ "ካማጠች ዳሲቱ" ተብሎ ተጻፈ፤ ዳሲቱ የድንቅነሽ ጎረቤት ስትሆን፣ በሁለት ጣት ቢሆንም ትጽፋለች።

"ፋሲካንስ የት አደረጋችሁት?" አሉ እናቷ።

"በማግስቱ ምዕራፍ አራትን እቀጥላለሁ።"

"ሁዳዴን ሙሉ ጾማ፣ ዶሮ በልታ፣ በማግስቱ እስክሪብቶ የምትይዝ ልጅ አልወለድኩም።"

የፋሲካ ሳምንት ባዶ ሆነ። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ሌላ ባዶ፣ ከምዕራፍ አራት በኋላ ሌላ፣ ከጥረዛው በኋላ ሌላ ገባ። አራቱን መጨረሻ ላይ መከመር አይቻልም ወይ ብትል፣ "መሃል ላይ የዘገየ ባቡር መጨረሻ ላይ ያለ ጣቢያ ምን ይጠቅመዋል?" አሏት አባቷ።

"ባዶ ሲያዩ ሰነፍ ናት ቢሉኝስ?"

"ባዶ አይደለም፣ መጠባበቂያ ነው። ባዶ የሚሆነው ምንም ካልዘገየ ነው። እኔ በሠላሳ ዓመት አላየሁም።"

አቶ ሰቦቃ ረቡዕን ሙሉ ወረቀቱን በቀለም ሲያደምቁ ዋሉ። ዙፋን ሐሙስ ጠዋት በንጹሕ ልትገለብጠው አስባ ነበር፤ ግን እንቅልፍ ይዟት ሄደ፤ ለእንቅልፍ መጠባበቂያ አልተመደበማ። ወረቀቱን ጠቅልላ ሮጠች። አውቶቡስ ውስጥ ገልጣ ስታየው ክው አለች። በወፍራሙ ጥቁር መስመር ላይ፣ በአባቷ ያማረ የቁም ጽሑፍ፣ "ዶ/ር ቀናው — የጭነት ባቡር" ይላል። በላጲስ ብትፈትገው ቀለም ነውና ይባስ ብሎ አበራ።

ዶክተር ቀናው ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉት። ጣታቸው ቀዩን መስመር ተከትሎ ሄዶ ጥቁሩ ላይ ቆመ።

"ጭነት ነኝ?"

ካባው፣ ጓደኞቿና ጭብጨባው በዙፋን ዓይን ላይ ዞሩ። መዋሸት አማራት፤ ግን ውሸቱ ቶሎ አልመጣላትም።

"አባቴ ናቸው። የባቡር ሰው ናቸው። ምዕራፍ አንድ ሃያ ሦስት ቀን ሆኖታል ስላቸው... አሁን ሃያ አምስት ሆኗል።"

ዶክተሩ ጎናቸው ያለውን የወረቀት ክምር ይገለብጡ ጀመር። ከሥር፣ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ክብ ማኅተም በታች፣ ምዕራፍ አንድ ወጣ። አዩት። አየቻቸው። ሰሌዳውን እንደገና ሳቡ።

"'ካማጠች ዳሲቱ' ምንድነው?"

ነገረቻቸው። ዶክተሩ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ቅጹን ሳቡና ፈረሙ። "ድንገት የሚወለድን ልጅ ሳይቀር ያሰበ ሰሌዳ ከአንድም ተማሪ አላየሁም" አሉ። "ግን ይህን ጭነት የሚለውን ወደ መንገደኛ ቀይሪልኝ።"

"እሱን አባቴ ናቸው የሚወስኑት" አለች፤ ቅጹን አስቀድማ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ።

ቅጹ በተፈረመ በስምንተኛው ቀን ምዕራፍ አንድ ታርሞ ተመለሰ። ከላይ በቀይ፣ "ለጣቢያው ሹም፦ በስምንት ቀን ገብቻለሁ፤ ደረጃዬ ይታይልኝ" የሚል ተጽፎበታል።

አቶ ሰቦቃ ሁለቴ አነበቡት። ሰዓታቸውንም አዩ፤ ለምን እንዳዩት ማንም አላወቀም።

"በአንድ ጉዞ ደረጃ አይሰጥም" አሉ። "ምዕራፍ ሁለትን ያምጣና እናያለን።"