አፍ ያወጣ ቲተር

ጸሐፊዋ የታካሚዋን ካርድ ከኪቦርዱ አጠገብ አስደግፋ የሐኪሟን ማስታወሻ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ሐኪሟ ቃል ቆጣቢ ናት። «ጽንስ ወርዷል። ማህፀን ታጥቧል። ዕረፍት ሰባት ቀን። ለሁለት ሳምንት ከባድ አታንሳ።» አለቀ።

ታካሚዋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት።

«እህቴ፣ ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«ታማለች፣ ትረፍ።»

«ብቻ?»

«ምን ልጨምርልሽ?»

ታካሚዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ፋብሪካው ውስጥ የሕመም ፈቃድ ወረቀት የምትቀበለው የባሌ አክስት ናት። እሷ ጆሮ የገባ ነገር ሳይመሽ አገር ያዳርሳል። ማርገዜን ከባሌ በቀር ያወቀ የለም። አሁን ቤቴ መጥተው ተደርድረው ከንፈር ሲመጥጡልኝ… አልችልም።»

«የኔ እናት፣ መሥሪያ ቤትሽ ማወቅ ያለበት ምን እንደሆንሽ አይደለም፤ መሥራት መቻል አለመቻልሽን ነው።» ጸሐፊዋ ይህን ስትል ድምፅዋ አይወላውልም። ስንቱ አለቃ «ሕመሙ ምንድን ነው?» እያለ ደውሎ ባዶ እጁን ስልኩን ዘግቷል! ጻፈች፦

«ታካሚዋ ዛሬ በሆስፒታላችን ተመርምረው በሕመም ምክንያት ሥራ መሥራት እንደማይችሉ ተረጋግጧል። ከዛሬ ጀምሮ የሰባት ቀን የሕክምና ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል። ሥራ ከጀመሩም በኋላ ለአንድ ሳምንት ከባድ ዕቃ እንዳያነሡ።»

«ከባድ ዕቃው አያሳብቅብኝም?»

«ወገቡን ያመመው ሁሉ የሚታዘዝለት ነው። ካልጻፍኩት ጣቃ ጨርቅ ያሸክሙሻል።»

ታካሚዋ ሳትወድ ሳቀች። ሐኪሟ ገብታ አነበበች፣ ፈረመች፣ ቲተሯን መታች። ቀለሙ ሳይደርቅ ታካሚዋ አንገቷን አስግጋ አየች። ከሐኪሟ ስም ሥር «የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት» ይላል።

«ጉድ ፈላ! እናንተ ዝም ስትሉ ይሄ አፍ አውጥቶ ሊናገር?»

ሐኪሟ ግንባሯን ያዘች። «ስመታው እንጂ ሳነበው ኖሬ አላውቅም!» ካርዱን ገለጠች። «ጠዋት ድንገተኛ ክፍል የተቀበለሽ ጠቅላላ ሐኪም ነው። መርምሮሻል፣ ጽፏል። እሱ ይፈርም፤ ውሸት የለበትም።»

ጸሐፊዋ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና አትማ ካርዱን ይዛ ኮሪደሩን ተሻገረች። ጠቅላላ ሐኪሙ የራሱንም የሐኪሟንም ጽሑፍ አነበበ።

«አዎ፣ አይቻታለሁ። ዕረፍቱም ይገባታል» አለና ፈርሞ ቲተሩን መታ። የሱ ቲተር ስሙን፣ ጠቅላላ ሐኪም መሆኑንና የፈቃድ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚናገረው። መዝገብ ቤት ደግሞ የሆስፒታሉን ክብ ማህተም አሳረፈበት።

ታካሚዋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ማህተሙን ሳይቀር ዙሪያውን አነበበችው።

«በሉ አሁን አክስቲቱ እስኪበቃት ታገላብጠው!» አለች። ቦርሳዋ ውስጥ ከታው ግድግዳውን ደገፍ እያለች ወጣች።

ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀዳደደችው። የአዲሱን ግልባጭ ካርዱ ውስጥ አስገብታ፣ ካርዱን ዘግታ ወደ ጎን አኖረችው።