እጅጌ አልባው ከፋይ

እናቴን ሰፈሩ «ዓይነ ሜትር» ይላታል። ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ስትሰፋ ሜትሩን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ለወጉ ያህል ነው። ደንበኛዋን በር ላይ እንደቆመች አየት ታደርጋትና ወገቧን፣ ትከሻዋንና የክንዷን ርዝመት ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እኔ ቅየሳ ስማር «ያንን ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተሸክመሽ ከምትንከራተቺ እኔን ውሰጂኝ፤ መሬቱን አይቼ ልንገርሽ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ያ ቅጽል ስም አንድ ቀን ሸክም ይሆንብናል ብዬ አላሰብኩም።

ለምርቃቴ ግብዣ ሦስት ቀን ሲቀረው ቀሚሴን ሰፍታ ጨረሰች። ጨርቁ ወይን ጠጅ ከፋይ ነው፤ የገዛው አባቴ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ከመንገድ ይዞት ገባና «ይሄ የምርቃቷ ነው፤ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠው። በዓመቱ እሱ ሞተ፣ ጨርቁ ቀረ።

ቀሚሱን ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ከፊት ሲያዩት ልክክ ብሏል። ወደ መስኮቱ ዞር ስል ግን ክው አልኩ። ፊቱ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነው፤ ጀርባው የነጣና የሚያብለጨልጭ። ከሁለት ጨርቅ የተሰፋ ይመስላል።

የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከፋይ ጸጉር አለው፤ ጸጉሩ ወደ ላይ ሲሄድ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ወደ ታች ሲተኛ ይነጣል። ስለዚህ ቁራጩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መቆረጥ አለበት። እናቴ ጨርቁ እንዲብቃቃላት ርዝመቱን ለሁለት አጥፋ፣ ጸጉሩን ወደ ውስጥ አድርጋ ነበር የቆረጠችው። እንዲያ የታጠፈ ከፋይ ከመቆረጡ በፊት እጥፋቱ ላይ ተቀዶ የላይኛው መዞር አለበት። ይህንን ያስተማረችኝ ራሷ ናት። አላዞረችውም፤ ስለዚህ የጀርባው ጸጉር ቁልቁል ተኛ። አሁንም ፊት ለፊቷ ቆሜ ልዩነቱ አልታያትም።

«እንዴት ነው?» አለችኝ፣ ስፒሎቹን ከከንፈሯ እያወጣች።

«ቆንጆ ነው እማ። ግን...»

«ግን ምን?»

ምን ልበላት? ዓይኗ ከደከመ ወዲህ፣ ስምንት ወር ሙሉ ገበያ ስትወጣ እየጠበቅኩ፣ የጠመመ ስፌቷን ተርትሬ ሳቀና ኖሬያለሁ። ጥቁሩን ክር ከሰማያዊው ለይቼ በየሣጥኑ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ሰው ሲያመሰግናት ዝም እላለሁ። ይሄኛው ግን በቀላሉ የሚቃና አልመሰለኝም። ስለዚህ ዋሸሁ።

«እጅጌ የሌለው ነበር የፈለግኩት። ከሱቅ ልከራይ።»

«ልከራይ? የእኔን ስፌት ጥለሽ መቶ ሰው ያላበበትን?»

«አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለብሰው።»

«ክንድሽን ገልጠሽ? ለዚያውም በኪራይ?» ስፒሎቹን ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻቸው። «አፍረሽብኝ እንደሆነ አፍሬብሻለሁ በይኝ። እናቴ ሰፋችው ማለት ከብዶሻል።»

«አይደለም እማ!»

«ታዲያ ምንድን ነው? አባትሽ ቢኖር ይሄን ሲሰማ...»

«አባዬን አታንሺብኝ!»

ጮኼባት አላውቅም ነበር። እሷም ደንግጣ «አውልቂው» አለችኝ።

አወለቅኩት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታጣጥፈው ጀመር። አጠገቡ ገና መቀስ ያልነካው ነጭ ጨርቅ ተቀምጧል፤ በሚቀጥለው ወር የምታገባ የጎረቤት ልጅ የሠርግ ልብስ ነው። እናቴ የቀሚሱን ፊት ከታች ወደ ላይ ዳሰሰችው፤ እጇ ያለ ችግር ሄደ። ገልብጣ ጀርባውን እንዲሁ ስትዳስሰው እጇ ቆመ። ደገመችው። ዓይኗን ጨፍና ሠለሰችው። ጸጉሩ እየተቃወማት ነበር።

«መስኮቱ ጋ ያዢልኝ» አለች ቀስ ብላ። «አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ምን ይታይሻል?»

«ጀርባው ነጥቷል።»

«ገና ስትለብሺው አይተሻል።»

«አዎ።»

«ስለዚህ ነው እጅጌ ምናምን ያልሽኝ።»

 ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ሌላስ? ከመቼ ጀምሮ ነው የምታዪልኝ?»

«ከስምንት ወር።»

«የአስተማሪዋ ኮት?»

«አዎ።»

«የመንትዮቹ ዩኒፎርም?»

«አዎ፣ እማ።»

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «እኔ ደግሞ» አለች፣ «ስፌቴ ሲቃና እጄ ተመለሰልኝ ብዬ ተደስቼ ነበር።»

አንጀቴን በላችው። እግሯ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

«በሚቀጥለው ወር ለሥራ ርቀሽ ስትሄጂስ ማን ሊያቃናልኝ ነበር?» አለችኝ።  ዝምታዬን እንደ ደግነት ቆጥሬው ነበር። ለካ የምትወድቅበትን ቀን ብቻ ነው ያራዘምኩላት።

ከወንበሯ ተነሳች። ቀሚሱን በእጇ እየዳሰሰች «ምላጭ አምጪ» አለች። «ጉርዱ ቀጥ ያለ ነው፤ የኋላውን ተርትረሽ ብትዘቀዝቂው ከፊቱ ጋር ይገጥማል። የማይዞረው የላዩ ነው፤ አንገትና ብብት ወጥቶለታል።»

«ትርፍ ጨርቅ የለም፣ እማ።»

«አለ። እጅጌዎቹ።» ፈገግ ልትል ቃጣት። «ጀርባው መሐል ላይ ዚፕ ስላለው ሁለት ግማሽ ነው። አንዱ እጅጌ ለአንዱ ግማሽ ይበቃል። ክንድሽን መግለጥ ፈልገሽ አልነበር?»

ሁለት ቀን ሠራን። እሷ በመዳፏ የጸጉሩን አቅጣጫ እያወቀች በሳሙና ምልክት ታደርጋለች፤ እኔ በሜትር ለክቼ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ። ስፌቱን በጥፍሯ እየተከተለች «እዚህ ጋ ሳብሽው፤ ተርትሪ» ትለኛለች። ልክ ነበረች። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለች አንዴ፣ ለራሷ ይሁን ለእኔ ሳላውቅ።

በግብዣው ቀን ቤቱ ሞላ፤ ከመጡት አብዛኞቹ የእናቴ ደንበኞች ነበሩ። የሙሽራዋ እናት ጀርባዬን ዳሰስ አድርጋ ጮክ ብላ «ዓይነ ሜትር! እጅሽ ይባረክ፤ የልጄንም እንዲህ አድርጊልኝ!» አለች። ሁሉም ወደ እኛ ዞረ።

እንደለመድኩት ዝም አልኩ። እናቴ ግን ዝም አላለችም።

«ቆርጬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች። «ያቃናችው እሷ ናት። ዓይኔ ደክሟል። የልጅሽን ጨርቅ ነገ መጥተሽ ውሰጂ፤ መቀስ አልነካውም።»

 የሙሽራዋ እናት እጇን ከጀርባዬ አነሳች። ሃያ ስድስት ዓመት የገነባችው ስም በአራት ዓረፍተ ነገር ፈረሰ፤ ያፈረሰችውም በገዛ አፏ ነው። የእናቴን እጅ ያዝኩ።

«በርዶሻል» አለችኝ ክንዴን ዳሰስ አድርጋ።

«አልበረደኝም።»

«በርዶሻል እንጂ።» ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ልታለብሰኝ ዘረጋችው። ጀርባዬ ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ፤ ስፌቱን አንዴ በመዳፏ ወደ ላይ ዳሰሰችው።

«ይቅር» አለች፣ ነጠላውን መልሳ እየለበሰች። «ስፌትሽን ይሸፍነዋል።»