ጡረተኛው ሹፌርና አዲሱ ጆሯቸው

ጡረተኛው ሹፌር የሚወራው በደንብ አልሰማ እያላቸው ስላፈሩ፣ ከካርታ ጓደኞቻቸው ተለይተው ቤት ከዋሉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። የተነገራቸውንም መርሳት ሲያበዙ ልጃቸው ሰግታ የጆሮ ክሊኒክ ወሰደቻቸው።

ባለሙያዋ መርምራቸው ስታበቃ፣ «አባባ፣ ያልሰሙትን እንዴት ያስታውሱታል? አእምሮዎ ቃል ሲለቅም እየዋለ ለማስታወስ አቅም ያጥረዋል። ከሰው መራቁም ይጎዳዋል» አለችና ለመስማት የሚያግዝ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ገጠመችላቸው።

ጃኬታቸው ተንኮሻኮሸ፤ ወንበሩ ሲጥ አለ። ሹፌሩ በሳቅ ፈነዱ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለች ልጃቸው በሹክሹክታ።

«አትጩኺብኝ!» አሏት እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ።

ባለሙያዋ መርሳቱ ሁሉ ይጠፋል ብላ ቃል አልገባችም። እሳቸው ግን ከክሊኒኩ ወጥተው ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ሁሉ እያዋሩ፣ የአምስት ደቂቃውን የቤት መንገድ በአንድ ሰዓት ጨረሱት።