በሐጂ ጀለቢያ ላይ የወጣው ዝገት

ዱባለን በቂም የሚስተካከለው ሰው ቡታጅራ ውስጥ አልተወለደም። አራተኛ ክፍል ሳለ «አንተ ለበግ እንጂ ለደብተር አልተፈጠርክም» ብሎ ያስወጣውን መምህር ስም ከነአያቱ ያውቀዋል። አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አሥራ አንድ ዓመት አንሶላ አጥቦ፣ የእጥበት ክፍሉ አለቅነት ለሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም የተሰጠበትን ቀን፣ ማክሰኞ እንደነበረ ሳይቀር ይነግርሃል። አሁን ቡታጅራ ልብስ በሚያጥብበት ፔንሲዮን ደግሞ ባለፈው ዓመት ለሠራተኛው ሁሉ ቲሸርት ሲታደል ለእሱ ልክ ጠፋ። «ለእኔ ሲሆን ጨርቁም ያልቃል» አለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይለዋል።

ከሦስት ወር በፊት የፔንሲዮኑ ባለቤት ልጅ ናጃህ በሆቴል ሥራ ዲፕሎማ ይዛ ከሐዋሳ መጣች። ዱባለ እንደሆነ ዲፕሎማ ያለው ሰው ሲያይ ጥርሱን ያመዋል። ልጅቷ በመጣች በሳምንቷ የልብስ ማስጫው ገመድ ከነአንሶላው ተበጥሶ ጭቃ ላይ ወደቀ። እሷም ሰው በተሰበሰበበት «ይሄን ገመድ ያሰረው ማነው?» አለች፤ በማግስቱም አዲስ የላስቲክ ገመድ ገዝታ አመጣች። ያሰረው ዱባለ ነበር። የእሷን ገመድ መጋዘን ወረወረና፣ ከግንባታ የተረፈ ጥቁር የማሰሪያ ሽቦ ከግንብ እስከ ባህር ዛፉ ድረስ እንደ ክራር ወጠረ። «ይሄ እንኳን አንሶላ በሬም ቢሰጣበት አይበጠስም» ብሎ እጁን አራገፈ።

ሽቦው እውነትም አልተበጠሰም።

የአረፋ ዋዜማ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል የምታጸዳው ወርቅውሃ እየተንደረደረች መጣች።

«ጋሼ! ጋሼ ዱባለ! ጉድ ፈልቷል፣ ይምጡ!»

«አንቺ ዘንድ ጉድ የማይፈላበት ቀን አለ?»

«አይቀልዱ! የሐጂ ጀለቢያ!»

ሐጂ አብዱልሃፊዝ የመርካቶ ነጋዴ ናቸው። አረፋ በመጣ ቁጥር ወደ አገራቸው ይገባሉ፤ የቤተሰቡ ቤት በልጅ ልጅ ሲሞላባቸው ግን ማደሪያቸው ይሄ ፔንሲዮን ነው። ነገ ለኢድ ሶላት የሚለብሱትን ነጭ የጥጥ ጀለቢያ ከትናንት በስቲያ ለእጥበት ሰጥተው፣ ዱባለ በእጁ አጥቦ ቢያሰጣው፣ በዚያው ሌሊት ካፊያ ሲመታው አድሮ ነበር።

ዱባለ ሲደርስ ናጃህ ጀለቢያውን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማለች። ከደረቱ ዝቅ ብሎ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ብርቱካንማ መስመር አግድም ተጋድሟል። መካከሉ እንዲያውም ወደ ቡኒ ሄዷል፤ የበረኪናውም ሽታ ከሩቅ አፍንጫ ይወጋል።

«ትናንት ማታ አይቼው በረኪና አፈሰስኩበት» አለች። «ይብስ ጠቆረ። የሦስት ክፍል ሲንክም ብርቱካን ሆኗል፤ እዚያም በረኪና አስደረግሁ፣ ንቅንቅ አይልም። ጋሼ ዱባለ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አባቴ ከበዓል በኋላ ማሽን ይግባና ሰውየው ይረፍ ብሏል። እስካሁን የተከላከልኩት እኔ ነኝ። ሐጂ ነገ ይሄን ሳይለብሱ ቢወጡ ግን ምን ብዬ እከላከላለሁ?»

«የተከላከልኩት እኔ ነኝ» ያለችው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። «ሰውየው ይረፍ» የሚለው ግን ሆዱ ውስጥ ተቀመጠ። ሰውየው! ስም የለውም እንዴ?

ቢሆንም በልቡ ደስ አለው። በረኪና ዝገት ላይ! ለዚህ ነው ዲፕሎማ የሚሰጡት?

«የኔ እመቤት» አለ፣ ቃሉን እያኘከ፣ «በረኪና የወጥን ጠብታ ያነጣል፣ የሻይን ያነጣል። ዝገትን ግን ያጸናዋል። ዝገት ብረት ነው፤ ብረትን የሚፈታው ኮምጣጣ ነገር ነው። ይሄን ሐዋሳ አላስተማሯችሁም?»

«አላስተማሩንም» አለች ናጃህ ሳትቆጣ። «ያስተምሩን።»

ይህን አልጠበቀም። ለጠብ የተዘጋጀ ሰው ሲታዘዙለት እጁን የሚያኖርበት ያጣል። ሲንኮቹን ሊያይ ወደ ክፍሎቹ ገባ።

እድፍ እንደ ዱካ ነው፤ ለሚያውቀው ይናገራል። በመጀመሪያው ሲንክ ከቧንቧው አፍ ሥር የእንባ ቅርጽ ያለው ብርቱካን ወርዷል፤ ያረጀ ብረት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ያድራል። በሁለተኛው ጠርዙ ላይ ክብ ቀለበት አለ፤ ወርቅውሃ የምትፈትግበትን የብረት ሽቦ እርጥቡን እዚያው ትታው ትሄዳለች። ሦስተኛው የብረት ሲንክ ነው፤ ነጩ ቅቡ ተጭሮ ጭረቱ ሁሉ ዝጓል፤ ይሄም የዚያው የመፈተጊያ ሽቦ ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ጥፋት ባለቤት እያገኘ በደስታ ወጣና ጀለቢያውን ተቀበለ።

መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ስፋቱ የጣት ሩብ አይሞላም። ከፊትና ከኋላ ልክ በልክ ነው፣ ልብስ በሽቦ ላይ ታጥፎ ሲንጠለጠል እንደሚሆነው።

ዱባለ ቀና ብሎ ጓሮውን አየ። ጥቁሩ ሽቦ በካፊያው ዝጎ፣ ቀበሮ መስሎ፣ ከግንብ እስከ ባህር ዛፍ ተዘርግቷል።

ፊቱን ከሽቦው መለሰ።

«ከምን የመጣ ነው?» አለች ናጃህ።

«ውሃው ነው» አለ፣ ሳያስበው። «ከብረት በርሜሉ የተቀዳ ውሃ።»

ናጃህ ወደ ወርቅውሃ ዞረች። «ከበርሜሉ አትቅጂ፣ ከሮቶው ቅጂ አላልኩሽም?»

«እኔ እኮ… ከሮቶው ነው የቀዳሁት።»

«ታዲያ ይሄ ከሰማይ ወረደ?»

ወርቅውሃ አንገቷን ደፋች። ዱባለ ያንን አንገት አወቀው፤ አርባ ዓመት ሙሉ የተሸከመው አንገት ነው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ማሽኑና «ሰውየው ይረፍ» ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው።

«ሎሚ አምጪ» አለ በምትኩ። «ሃያ። ጨውም። ለሲንኩ አቼቶ።»

መጀመሪያ ጀለቢያውን በንጹህ ውሃ አራት ጊዜ አለቀለቀ። ወርቅውሃ ሎሚውን ቆርጣ ልትጨምቅበት ስትል እጇን ያዛት።

«ቆይ! በረኪናው ሳይወጣ ኮምጣጣ አይነካውም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ሽታ ሳንባ ያቃጥላል። አዲስ አበባ አንድ ልጅ በዚሁ ሰበብ ሐኪም ቤት ሲገባ አይቻለሁ።»

በአምስተኛው ለቅለቃ አሽትቶ «አሁን» አለ። ሲንኮቹንም እንዲሁ አስለቀለቀ፤ መስኮት አስከፈተ። ከዚያ ወርቅውሃ ሶፍት በአቼቶ ነክራ እድፉ ላይ እንድትለጥፈው፣ ከሰዓት በኋላ አንስታ በለስላሳ ስፖንጅ እንድታሸውና በብዙ ውሃ እንድታጥበው አዘዛት። «ያንን የብረት ሽቦሽን ደግሞ ለድስት ቂጥ ተይው።»

ጀለቢያውን ንጹህ ላስቲክ ላይ ዘረጋ፣ በመስመሩ ላይ ጨው ነሰነሰ፣ ሎሚውን ጨመቀበት፣ ፀሐይ ላይ አኖረው። ሊደርቅ ሲል እንደገና ሎሚ ጠብ ያደርጋል። አራት ሰዓት ላይ ሲያለቀልቀው ቡኒው ወደ ብርቱካን፣ አምስት ተኩል ላይ ብርቱካኑ ወደ ቢጫ ሸሸ።

«ወላሂ እየሄደ ነው!» አለች ናጃህ እየዘለለች።

«አትቸኩዪ። እስኪጠፋ ድረስ ካውያ እንዳይነካው፤ በእሳት ከተተኮሰ ለዘላለም እንደቀረ ቁጠሪው።»

ስድስት ሰዓት ላይ ከዝቋላ በኩል ደመና መጣ፤ ፀሐይዋን እንደ ድስት ከደናት። ሐጂ አብዱልሃፊዝም በዚያው ሰዓት ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«አሰላሙ አለይኩም። ልብሴ ታመመ አሉኝ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ሐጂ። እየዳነ ነው» አለች ናጃህ።

«ሐኪሙ ማነው?»

«ጋሼ ዱባለ ናቸው።»

ዱባለ ሰማዩን እያየ ነበር። ፀሐይ ሥራዋን ከተወች በእንፋሎት የምትሠራ ዘዴ አለች። ልብሱን ጠቅልሎ ወደ ፔንሲዮኑ ክትፎ ቤት ኩሽና ገባ፤ በብረት ድስት ሳይሆን በአልሙኒየሙ ውሃ አፈላ። «ያዙልኝ» አለ። ናጃህ በአንድ ወገን፣ ወርቅውሃ በሌላው ሆነው መስመሩን እንፋሎቱ ላይ ወጠሩት። ሎሚውን ጠብ፣ ጠብ አደረገበት። ሐጂም በርጩማ ስበው ተቀመጡና፣

«እንደ ሕፃን ታጥነዋለህ እኮ» አሉ።

«ሕፃንስ ያለቅሳል፣ ሐጂ። ይሄ የሚያስለቅሰው እኛን ነው።»

ወርቅውሃ ሳቀች። ጠዋት የተወቀሰችውን የረሳች መሰለች፤ በእንፋሎቱ ጣቷ ተለብልቦ እንኳ ልብሱን አልለቀቀችም። ዱባለ ጣቷን አይቶ ሎሚው እጁ ላይ ቆመ።

«ስሙኝ» አለ። «ውሃው አይደለም። ወርቅውሃም አይደለችም። የልብስ ማስጫው ሽቦ ነው። ያንን ሽቦ የወጠርኩት እኔ ነኝ፤ ናጃህ የገዛችውን ገመድ መጋዘን ጥዬ። እልህ ይዞኝ ነው። ጠዋትም አውቄ ነው የዋሸሁት። በሉ እንግዲህ፣ ማሽኑም ይግባ፣ ሰውየውም ይረፍ!»



«ሽቦ!» አለች ወርቅውሃ። «እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ውሃውን እየረገምኩ ነው!»

«እርግማንሽን ወደ እኔ አዙሪው።»

«አይ፣ ሲንኩን ማጽዳት ያስተማሩኝ ይካሳል፤ እርግማኑስ ይቅር።»

የናጃህ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «በረኪናውንስ? በረኪናውን ማን አፈሰሰ? ጋሼ፣ ለአባቴ ይሄን ስነግረው የእርስዎን ብቻ ልነግረው ነው? ወርቅውሃ፣ ይቅር በዪኝ።»

«ዱባለ» አሉ ሐጂ፣ በከዘራቸው መሬት መታ አድርገው፣ «ያበላሸውን ያወቀ ያስተካክለዋል። ማሽን እንኳ ቢገባ ሎሚ አይጨምቅም። ለአባቷ እኔ እነግረዋለሁ። አንተ ግን እጅህን አታቁም፣ ሶላቱ ነገ ነው!»

አለቅልቆ ሲያነሣው ሁሉም ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ወጡ። ከፊት አዩት፣ ከኋላ አዩት። ናጃህ ጣቷን አሳለፈችበት። ምንም የለም። ዱባለ ግን እንደገና ሦስት ጊዜ አለቀለቀው፤ የጨውና የሎሚ ትርፍም ጨርቅ ይበላል። ከዚያ በኋላ ነው ካውያውን ያሞቀው።

በማግስቱ ጠዋት የ«አላሁ አክበር» ተክቢራው ከሶላቱ ሜዳ ሲሰማ ዱባለ መንገድ ዳር ቆመ። ከቆሼ ከተማ በኩል የመጡ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ሕፃኑ በአባቱ ትከሻ፣ መንገዱ ነጭ ሆኖ ይፈስሳል። ናጃህ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሴቶቹ ጋር ስታልፍ አየችውና ቀረበች።

«ኢድ ሙባረክ፣ ጋሼ። ሐጂን አዩዋቸው? የትኛው ናቸው?»

ዱባለ አንገቱን አሰገገ፣ ዓይኑን አጠበበ፣ ከነጩ ነጭ ሊለይ ሞከረ። አልቻለም።

«ጠፉብኝ» አለ፤ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት የጠፋበት ነገር አልነበረም።