የሦስት ጠዋት ስፌት

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነበር። ባለቤቴ የስፌት ቦርሳዋን አንግታ አራተኛ ክፍል ገባችና ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ዞረው አዩዋት። አንዱ፣ "ይቺ ደግሞ ስንት ጊዜ ደግማ ነው?" አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች። ማታ እየደጋገመች ነገረችኝ።

ልጃችን ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቤት ሚጡ ነው የምንላት፤ ትምህርት ቤት ግን አንድ ቦታ አትረጋምና "ስፕሪንጓ" ይሏታል። ከሳምንት በፊት ጠርተውን ነበር። የክፍሏ መምህርት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሃምሳ ሁለት ልጅ ብቻዋን ትይዛለች። ሚጡ ከሰሌዳ አንድ መስመር ገልብጣ ሳትጨርስ እንደምትነሳ፣ ሳትጠየቅ እንደምትመልስ፣ ደብተሯም ዶሮ የጫረው እንደሚመስል ነገረችን። የትኩረት ችግር ነው ብላ ቅጹን ሞልታለች። የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያም ከተስማማች ልጅቷ ወደ ሦስተኛ ክፍል ትመለሳለች፤ ለመድኃኒትም ሐኪም ጋ ትላካለች።

እኔ ለባለሙያዋ የሚያኮራኝን ነገር አወራሁ። ሚጡ በሰባት ዓመቷ የእናቷን የስፌት መኪና ፈታታ፣ ሦስት ሰዓት ሳትነቃነቅ መልሳ ገጥማዋለች። ባለሙያዋ በትዕግሥት ሰማችኝ።

"የትኩረት ችግር ያለባቸው ልጆችም የሚወዱት ነገር ላይ ሰዓታት ይቀመጣሉ፣ አባት። ይኼ ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ክፍል ውስጥ መቼ መቼ እንደምትነሳ ነው ማወቅ የምፈልገው።"

ባለቤቴ ክፍሉ ውስጥ እኔ ቁጭ ብዬ አያታለሁ አለች፤ መምህርቷም ፈቀደች። ባለሙያዋ መመዝገቢያ ወረቀት ሰጠቻት። ባለቤቴ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሰው ናት፤ አፏ ምላጭ ነው፣ እስክሪብቶ ስትይዝ ግን ፊደሉ ይጠፋባታል። እንዳታፍር ብዬ በአንቺ ፈንታ እኔ ልሂድ አልኳት። አንተማ ወንበሩ ላይ ታንቀላፋለህ አለችኝ።

ሦስት ጠዋት ተመላለሰች። ዓርብ ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ባዶውን መለሰችና ከቦርሳዋ የጣቃ ቁራጭ አወጣች። ክንድ የሚያክል ነጭ ጨርቅ ነው፤ ሁለት መስመር ስፌት አለው። እኔ ቤት ውስጥ አላየሁትም ነበር፤ ደነገጥኩ። አሁን ሊስቁባት ነው ብዬ ወደ መሬት አየሁ።

እሷ እንደ ደንበኛ ልብስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። "በየሁለት ደቂቃው አንድ ስፌት ነው፤ ሰዓቴን እያየሁ። የላይኛው የክፍሉ ነው። ሰማያዊ ከሰሌዳ ሲገለብጡ፣ አረንጓዴ ያለቀውን ሲደጋግሙ፣ ቢጫ ቲቸር አዲስ ነገር በቃል ስትጠይቅ። የታችኛው የሷ ነው። ጥቁር ተቀምጣ፣ ቀይ ተነስታ።"

ማንም አልሳቀም። ቀዩ ከሰማያዊው ሥር ተደርድሯል፤ ከአረንጓዴውም ሥር። ከቢጫው ሥር ግን በሦስት ጠዋት አንድ ቀይ አልነበረም።

መምህርቷ ጨርቁን ወደ ራሷ ስባ ረጅም ጊዜ አየችው። "አረንጓዴው የኔ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ለሌሎቹ ሃምሳ አንድ ልጆች ነው የምደግመው።"

ባለሙያዋ ጨርቁ ብቻውን ፍርድ እንደማይሰጥ ነገረችን። በሚቀጥለው ሳምንት ሚጡን ሁለት ጠዋት ለብቻዋ ፈተነቻት። አጠቃላይ ውጤቱ መካከለኛ ሆነ። ባለሙያዋ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም፤ ክፍል ክፍሉን ለያይታ አሳየችን። በቃል ማሰብና ማገናዘብ ላይ ከመቶ እኩዮቿ ዘጠና ስምንቱን ትበልጣለች። በእጅ መጻፍ ላይ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ናት። ከፍታውና ዝቅታው ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ምንም የሌላት ልጅ መስላለች። ስትገለብጥ እጇ ይደክማል፤ ሲደጋገም ጭንቅላቷ ይራባል፤ በሁለቱም ትነሳለች።

ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረች። "እርስዎስ ልጅ ሆነው መጻፍ ያስቸግርዎት ነበር? በቤተሰብ ሲወርድ እናያለን።"

"እስካሁንም" አለች ባለቤቴ። "ሰነፍ ነሽ ብለውኝ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት።"

አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን ተቀብዬ ያዝኩላት። ምን ሆንክ አለችኝ። ምንም አልኩ። ያን ዕለት አንገቴ ቀና ብሎ ነው ቤት የገባሁት።

ሚጡ ክፍል አልደገመችም። ሂሳብ ከስድስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ተማረች፤ ጽሑፉን በኮምፒውተር፣ ፈተናውን በቃል አደረጉላት። አንዳንዴ አሁንም ትነሳለች። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆነ። ጨርቁ የሚጡ ፋይል ውስጥ ነው ያለው፤ ባለሙያዋ አዲስ መምህር በተቀጠረ ቁጥር አውጥታ ታሳየዋለች።